ዘይቱ በየማታው፣ ኖራው እንደ ውሃው

የቡና ማሽን ንጹሕ መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ቡና መቅመስ አያስፈልግም። ባሪስታው ቡና ያልተሞላበትን መያዣ ግሩፑ ላይ ገጥሞ ግማሽ ሲኒ ሙቅ ውሃ ብቻ በነጭ ሲኒ ያውርድ። ከንጹሕ ማሽን የሚወርድ ውሃ ውሃ ብቻ ነው። ቢጫ ወይም ቡናማ ከሆነ፣ ጥቁር ብናኝ ከሰፈፈበት ወይም የከረመ ቅባት ከሸተተ፣ ከጠዋት ጀምሮ የወጣው ማኪያቶ ሁሉ ይህንኑ ይዞ ሄዷል ማለት ነው። ወተትና ስኳር ስለሚሸፍኑት ደንበኛው «ዛሬ ቡናው መረረኝ» ብሎ ያልፋል፤ ባለቤቱ ደግሞ ቆዪውን ይወቅሳል።

ማሽኑ የሚቆሽሸው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው ከቡናው የሚወጣው ዘይትና ደቃቅ ዱቄት ነው። ሁለተኛው ከውሃው የሚመጣውና ቤት ውስጥ በማንቆርቆሪያ ታች ተጋግሮ የሚታየው ነጭ ቅርፊት ነው፤ ካልሲየም ካርቦኔት፣ ማለትም የኖራ ድንጋይ። ዘይቱን የሚያነሳው ለዚሁ የተዘጋጀ አልካሊ ማጠቢያ ዱቄት ሲሆን ኖራውን የሚያሟሟው አሲድ ነው። በማጠቢያው ዱቄት ቦይለር ቢታጠብ ቅርፊቱ ንቅንቅ አይልም፣ በአሲድ ግሩፕ ቢታጠብም ዘይቱ እንደተለጠፈ ይቀራል። የጊዜ ሰሌዳቸውም የተለያየ ነው። ዘይቱ የሚከማቸው በወጣው ቡና ብዛት ልክ ነው፣ ኖራው ግን በውሃው ዓይነት። «ማሽኑ በየስንት ጊዜው ይጽዳ?» ለሚለው ጥያቄ አንድ ቁጥር የሚሰጥ ሰው እነዚህን ሁለቱን ቀላቅሏቸዋል።

ከዘይቱ እንጀምር። የጣሊያኑ ፋኤማ እ.ኤ.አ. በ1961 ኢ61 የተባለውን ማሽን ለገበያ ሲያቀርብ ስያሜውን የወሰደው በዚያው ዓመት ከታየው የፀሐይ ግርዶሽ ነበር። በዚህ ማሽንም ሆነ ዛሬ ካፌዎች በሚጠቀሙባቸው አብዛኞቹ ማሽኖች፣ ቡናው ወርዶ ፓምፑ ሲቆም በመያዣው ውስጥ የቀረውን ግፊት የሚያስተነፍስ ቫልቭ አለ። ግፊቱ ሲለቀቅ ውሃው ወደ ላይ ይመለስና በቫልቩ አልፎ ወደ ፍሳሹ ይሄዳል፤ ከቡናው ዘይትና ዱቄትም ጥቂት ይዞ ይሄዳል። ዋናው ቆሻሻ ያለው ስለዚህ ከውሃ መርጫው ወንፊት በላይ፣ ጨርቅም ብሩሽም በማይደርስበት ቦታ ነው።

እዚያ የሚደርሰው ራሱ ማሽኑ በሚገፋው ውሃ ብቻ ነው። የመያዣው ወንፊት ወጥቶ በምትኩ ቀዳዳ የሌለው ይገባል፤ ግማሽ የሻይ ማንኪያ፣ ወደ 3 ግራም የሚሆን የማጠቢያ ዱቄት ይጨመርበትና ግሩፑ ላይ ይገጠማል። ፓምፑ 10 ሰከንድ ይሠራል፣ 10 ሰከንድ ይቆማል። መውጫ ያጣው ውሃ በቆመ ቁጥር አረፋ ሆኖ በቫልቩ በኩል ወደ ፍሳሹ ይገፋል። ይህ አምስት ጊዜ ከተደገመ በኋላ ዱቄቱ ታጥቦ በንጹሕ ውሃ ብቻ አረፋው እስኪጠፋ ድረስ እንደገና ይሠራል። በመጨረሻ አንድ ቡና ወጥቶ ይደፋል። የመጀመሪያው ቀን ወደ ፍሳሹ የሚወርደው ውሃ እንደ ቡና ሊጠቁር ይችላል፤ ይህ የብዙ ወራት ውዝፍ ስለሆነ እስኪነጣ መደጋገም ነው።

ቀኑን ሙሉ ለሚሠራ ካፌ ይህ የየማታ ሥራ ነው። በቀን ሁለት ሦስት ሲኒ ብቻ የሚወጣበት የቤት ማሽን በዱቄት በየሁለት ወይም በየሦስት ሳምንቱ ቢታጠብ ይበቃዋል፣ በመሃል በውሃ ብቻ። ማብዛቱም ጉዳት አለው፤ እንደ ኢ61 ባሉ ግሩፖች ውስጥ የሚንቀሳቀሱት ክፍሎች በግሪስ ስለሚሠሩ ዱቄቱ ግሪሱንም ያነሳዋል። በክንድ ተጎትተው በስፕሪንግ የሚሠሩና ግፊት የሚያስተነፍስ ቫልቭ የሌላቸው ማሽኖች ግን ጨርሶ በዚህ መንገድ መታጠብ የለባቸውም። መያዣው ግፊቱን እንደያዘ ከተፈታ የፈላ ውሃ ሰው ላይ ይረጫል።

ወንፊቶቹና የመያዣው ብረት አንድ የሻይ ማንኪያ ዱቄት በተጨመረበት ሙቅ ውሃ ለ20 ደቂቃ ይዘፈዘፋሉ፣ እጀታው ግን ከውሃው ውጭ ይሁን። በረኪና ለዚህ ሥራ አይሆንም። ክሎሪኑ አይዝጌ የሚባለውን ብረት ሳይቀር ይበላል፤ በኋላ ኖራ ለማውረድ ከሚገባው አሲድ ጋር ከተገናኘ ደግሞ መርዘኛ ጋዝ ይወጣዋል።

የወተቱ ነገር አጭር ነው። የእንፋሎት ቧንቧው ወተት ባሞቀ ቁጥር ወዲያው በእርጥብ ጨርቅ ተጠርጎ ለሁለት ሰከንድ እንፋሎት ይለቀቅበታል። አለዚያ እንፋሎቱ ሲቆም ቧንቧው ወተቱን ወደ ውስጥ ይስበዋል።

መፍጫው ከማሽኑ ይልቅ የሚዘነጋ ዕቃ ነው። በብዙ የአዲስ አበባ ካፌዎች ያለው፣ የተፈጨውን ዱቄት በሳጥን አጠራቅሞ በክንድ የሚሰጠው ዓይነት ነው። ማታ በሳጥኑ የቀረው ዱቄት ጠዋት ለመጀመሪያዎቹ ደንበኞች ይደርሳል፤ የተፈጨ ቡና ደግሞ ሌሊቱን ጠረኑን ጨርሶ ያድራል። ሲዘጋ ሳጥኑን ባዶ አድርጎ በደረቅ ብሩሽ መጥረግ ደቂቃዎች ብቻ ይወስዳል። ፍሬው የሚሞላበት የላይኛው ዕቃ በሳምንት አንድ ጊዜ ይወልቅና በለብታ ውሃና በዕቃ ሳሙና ታጥቦ፣ ጠብታ ሳይቀር ደርቆ ይመለሳል። ቡናው ጠቆር ብሎ የተቆላ ከሆነ ፍሬው ራሱ ስለሚያዛና የዕቃው ግድግዳ ቶሎ ይደበዝዛል።

ጥርሶቹ በወር አንድ ጊዜ ይከፈታሉ፤ ብዙ ለሚፈጭ ካፌ በየሁለት ሳምንቱ። መጀመሪያ ሶኬቱ ይነቀላል። ቀጥሎ ማስተካከያው የቆመበት ቁጥር ይጻፋል ወይም በስልክ ፎቶ ይነሳል፤ ይህ ካልተደረገ የነገው ጠዋት ልክ ሲፈለግ ያልቃል። የላይኛው ጥርስ ተፈትቶ በደረቅ ብሩሽ ይጠረጋል፣ ዱቄቱ በሚወጣበት መተላለፊያ የተጋገረውም በእንጨት ይፋቃል። ውሃ አይነካውም፣ የብረት ጥርስ ይዝጋል። ጥሬ ሩዝ መፍጨት ያጸዳል የሚለውን ዘዴም ብዙ አምራቾች ይከለክላሉ፤ ሩዝ ከተቆላ ቡና ስለሚጠነክር ሞተሩን ያስጨንቃል፣ ዱቄቱም በጥርሶቹ መካከል ይጣበቃል።

አሁን ወደ ኖራው። ከባድ ውሃ ካልሲየሙን ሟሟቶ የሚይዘው ቢካርቦኔት ሆኖ ነው። ውሃው ሲሞቅ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይወጣና ካልሲየሙ ድንጋይ ሆኖ በጣም በሚሞቀው ቦታ፣ በማሞቂያው ላይ ይጋገራል። ማኪያቶ በሚበዛበት ካፌ የሚደርሰው ጉዳት የሚብሰውም ለዚህ ነው። እንፋሎት ንጹሕ ውሃ ነው፤ ወተቱን አሙቆ ሲሄድ ማዕድኑን ሁሉ ቦይለሩ ውስጥ ትቶ ይሄዳል።

ሁለት ካፌዎች እናስብ። ሁለቱም በቀን 2 ሊትር ውሃ በእንፋሎት ይጨርሳሉ። የአንዱ ውሃ በሊትር 60 ሚሊግራም ካልሲየም ካርቦኔት የሚወጣው ለስላሳ ነው፣ የሌላው 300 ሚሊግራም። በዓመት በመጀመሪያው ቦይለር የሚቀረው ከ50 ግራም በታች ነው፤ በሁለተኛው ከ200 ግራም በላይ ሊደርስ ይችላል። ማሽኑ፣ ባሪስታውና ሽያጩ አንድ ሆነው አንዱን የሚስማማው ሰሌዳ ሌላውን ይገድለዋል። ልዩነቱ በአገራችንም ያለ ነው። ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦች የሚመጣው የአዲስ አበባ ውሃ የዝናብ ውሃ ስለሆነ ለስላሳ ነው፣ ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚወጣው ከዚያ ይከብዳል። ድሬዳዋ ደግሞ የምትጠጣው ከኖራ ድንጋይ ምድር ውስጥ የሚቀዳ ውሃ ነው፤ የአገሪቱ የመጀመሪያ ሲሚንቶ ፋብሪካም እዚያ የተተከለው ያው ድንጋይ ስላለ ነው። ቧንቧው ሲጠፋ በቦቴ ውሃ ገዝቶ ሮቶውን የሚሞላ ካፌም ውሃው ከየት እንደተቀዳ ካልጠየቀ ሰሌዳው ሳያውቀው ይቀየርበታል። የውሃ ጥንካሬ መለኪያ ወረቀት ነክሮ ቀለሙን ማየት ይህን ሁሉ ግምት ያስቀራል።

ከባድ ውሃ ላለው ካፌ ዋናው መከላከያ ከማሽኑ በፊት የሚቆመው የማለስለሻ ሲሊንደር ነው። በውስጡ ያሉት ጥቃቅን የሬዚን እንክብሎች ካልሲየሙን ይዘው ሶዲየም ይለቃሉ። ሲሞሉ ግን ያቆማሉ፣ ውሃውም እንዳለ ያልፋል። ባለ 8 ሊትሩ ሲሊንደር በሊትር 300 ሚሊግራም ያለውን ውሃ ወደ 1,000 ሊትር ገደማ ያለሰልሳል፤ በቀን 50 ሊትር ለሚጠቀም ካፌ ይህ የሦስት ሳምንት ሥራ ነው። ከዚያ ወደ ማሽኑ የሚሄደው ይዘጋል፣ ግፊቱ ይለቀቃል፣ ክዳኑ ተከፍቶ 1 ኪሎ ደረቅ ጨው ይጨመራል፤ ተዘግቶም ውሃው ቀስ ብሎ በማፍሰሻው እየወጣ ጨውነቱ እስኪጠፋ ይተዋል። ሲሊንደሩን ከተከለበት ቀን ጀምሮ ጨው ያላየለት ካፌ የገዛው ባዶ ቆርቆሮ ነው።

ቅርፊቱ ከተጋገረ ምልክቱ አይሰወርም። ማሽኑ ለመሞቅ ይዘገያል፣ ለሻይ ከሚቀዳው ሙቅ ውሃ ጋር ነጭ ስባሪ ይወርዳል፣ ከአንዱ ግሩፕ ውሃው ይቀጥናል። የሚገርመው ምልክት የእንፋሎት ቧንቧው ውሃ መትፋቱ ነው። የቦይለሩን የውሃ መጠን የሚለካው ዘንግ በኖራ ሲሸፈን ውሃው አይሰማውም፤ ማሽኑም ቦይለሩ ጎድሏል ብሎ አብዝቶ ይሞላዋል።

ለትንሽ የቤት ማሽን፣ መመሪያው ከፈቀደ፣ በ1 ሊትር ለብ ያለ ውሃ 25 ግራም ሲትሪክ አሲድ ይሟሟል። ሲሶው በግሩፑና በእንፋሎት ቧንቧው ይወጣል፣ ማሽኑ ጠፍቶ 20 ደቂቃ ይቆያል፣ የቀረው ይከተላል፤ ሁለት ሙሉ ጋን ንጹሕ ውሃ ያጥበዋል። ማፍላት አያስፈልግም፤ በፈላ ውሃ ውስጥ ካልሲየም ሲትሬት ራሱ ሊዘቅጥ ይችላል። ኮምጣጤ ደካማ ነው፣ ሽታውም ከጎማዎቹ ቶሎ አይለቅም። የአሉሚኒየም ቦይለር ላለው ማሽን አሲዱ አብዝቶ አይቆይ።

ትልቁ የካፌ ማሽን ግን እንዲህ አይጸዳም። ቦይለሩ ሰፊ ነው፣ የተላቀቀው ስባሪም በጠባብ ቀዳዳዎችና በቫልቮች ይሰነቀራል። ቴክኒሻን ከፍቶ፣ ማሞቂያውን አውጥቶ፣ ለብቻው ነው የሚያጸዳው፤ ለስላሳ ውሃ ላለው ካፌ በየጥቂት ዓመቱ፣ ማለስለሻ ለሌለውና ከባድ ውሃ ለሚጠቀም በየዓመቱ። ቀኑን መምረጥ ለቻለ ዐቢይ ጾም ጥሩ ጊዜ ነው፤ የወተት ሽያጭ ስለሚቀንስ ማሽኑ አንድ ቀን ቢቆም ኪሳራው ይቀላል። ሥራው ካለቀ በኋላ ባሪስታው ለጥቂት ቀን ባዶ ግሩፖቹን ለ10 ሰከንድ እያስወረደ ውሃቸውን ያወዳድር። አንዱ ከሌላው ካነሰ የቀረ ስባሪ ቀዳዳውን ዘግቶታልና፣ ቴክኒሻኑ ለሌላ ሥራ ርቆ ሳይሄድ መጥራት ነው።