ልጅቷ ስትለካ «ኖርማል» ናት፣ የልብ ምቷ ግን 44 ነው

ዛሬ የማወራችሁ በእኛ አካባቢ ስሙ ብዙም ስለማይነሳ፣ ሲመጣም ጨጓራ ወይም ታይፎይድ ተብሎ ስለሚታለፍ ሕመም ነው፦ ሆን ብሎ ምግብ እየቀነሱ አደጋ ላይ መድረስ። ሙሉ ሕክምናው ረጅም ነው። እኔ የማተኩረው የመጀመሪያው ቀን ላይ ነው። ልጅቷ ፊታችን ስትቀመጥ ምን እንለካለን? ምን እንጠይቃለን? ካርዱ ላይስ ምን ብለን እንጽፋለን?

ምሳሌ እንድትሆነን አንዲት የ15 ዓመት ተኩል ተማሪ ላንሳ። የማንም ማንነት እንዳይታወቅ ከተለያዩ ታካሚዎች ያየሁትን አንድ ላይ አድርጌ ነው የምጽፈው። የቴፒ ልጅ ናት፤ ወደ ሚዛን ይዘዋት የመጡት እናቷ ናቸው። በእጃቸው የሁለት ክሊኒክ ወረቀት አለ። አንዱ ጨጓራ ይላል። ሌላው በዊዳል ምርመራ ታይፎይድ ተገኝቶባታል ይላል። የሁለቱንም መድኃኒት ጨርሳለች። እናቷን ያስደነገጣቸው ግን ጠዋት ሰልፍ ላይ፣ ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል መውደቋ ነው።

ኪሎዋን ሆን ብዬ አልጽፍም። ይህን ገጽ ከሚያነቡት መካከል ቁጥሩን አይታ «እኔስ?» የምትል ልጅ አትጠፋም፤ ለእሷ ኪሎ ውድድር ነው። ማወቅ ያለባችሁ ይህን ነው፦ ከስድስት ወር በፊት ጤና ጣቢያ የተመዘነችበት ወረቀት ስለነበረ አነጻጸርን፣ ከነበራት ክብደት 23 በመቶውን አጥታለች። አሁን የደረሰችበት ክብደት ግን ለቁመቷና ለዕድሜዋ መካከለኛ ከሚባለው 90 በመቶ ገደማ ነው። ሰንጠረዡ ላይ ኖርማል ናት። ክንዷን በሜትር ብትለኩትም ምግብ አንሷታል አይልም። ድሮ ሞላ ያለች ስለነበረች ጎረቤቱ ሁሉ «አማረብሽ» እያላት ነው። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። በዚህ ሕመም አደጋውን የሚናገረው የደረሱበት ቁጥር ብቻ አይደለም፤ ምን ያህል እንደቀነሰና በምን ፍጥነት እንደቀነሰም እኩል ይናገራል።

ስለዚህ ከሚዛኑ ወርደን ወደ ልብ ምት ሄድን። አምስት ደቂቃ በጀርባዋ አስተኝተን ሙሉ አንድ ደቂቃ ቆጠርን። (15 ሴኮንድ ቆጥሮ በአራት ማባዛት ለጥድፊያ ቀን ነው፤ እዚህ ላይ አይበቃም።) 44 መጣ። ከዚያ አቁመናት ከሦስት ደቂቃ በኋላ ደግመን ቆጠርን፣ 86። የደም ግፊቷ ተኝታ 92/58፣ ቆማ 84/54። ሙቀቷ በብብት 34.9። እጆቿ በረዶ ናቸው፣ ጀርባዋ ላይ ድሮ ያልነበረ ስስ ጸጉር በቅሏል፣ የወር አበባ ካየች አምስት ወር ሆኗታል። ቁጢጥ ብላ ያለ እጅ ድጋፍ እንድትነሳ ስንጠይቃት ጉልበቷን ተመርኩዛ ነው የተነሳችው።

ማታ እሳት በአመድ አዳፍነን እንደምናድረው ሁሉ ሰውነትም ማገዶ ሲያጥረው ራሱን ያዳፍናል። ልብ ቀስ ይላል፣ ሙቀት ይወርዳል፣ የወር አበባ ይቆማል። በመጨረሻ የልብ ጡንቻ ራሱ ይሳሳል። ታዳጊ ልጅ ቀን ላይ ነቅታ የልብ ምቷ ከ50 በታች ከሆነ ሆስፒታል ውስጥ መታየት አለባት፤ ከ40 በታች ከሆነ ለነገ የሚባል ነገር የለም። ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ ሲቆም ምቱ ከ35 በላይ መጨመሩ፣ በተለይ ከመውደቅ ጋር፣ የአደጋ ምልክት ነው። የብብት ሙቀት ከ35 በታች መውረዱም እንደዚያው።

«ስፖርት ስለምትሠራ ይሆናል» የሚል ሰው አይጠፋም። እውነት ነው፣ የሯጭ ልብም ቀስ ይላል። የሯጭ ልብ ግን ብድግ ስላለ ብቻ በ42 አይዘልም። ተኝታም ቆማም የምንቆጥረው ለዚህ ነው።

የልብ ምት ሌላም ጥቅም አለው። በእኛ አገር ልጅ ሲከሳ መጀመሪያ የምናስበው ቲቢ፣ ኤችአይቪ፣ ስኳር፣ የታይሮይድ ዕጢ፣ የአንጀት ትል ነው፤ ማሰባችንም ልክ ነው፣ ሁሉም መታየት አለባቸው። ነገር ግን ቲቢ፣ የደም ማነስና የታይሮይድ መብዛት አብዛኛውን ጊዜ ልብን ያፈጥናሉ። ታይፎይድ ልብን ከትኩሳቱ አንጻር ሊያዘገይ ይችላል፣ ግን ትኩሳት አለው፤ ይቺ ልጅ ብርድ በብርድ ናት። እየከሱ ልብ መዘግየት የተለየ ጥያቄ እንድንጠይቅ ይገፋናል።

ደሟ ሲታይ ፖታሲየሙም ስኳሩም ደህና ሆነ። እናቷ «ተመስገን» አሉ። እዚህ ላይ በጣም ተጠንቀቁ። ሰውነት ደም ውስጥ ያለውን መጠን ከአጥንትና ከጡንቻ እየወሰደም ቢሆን ይጠብቃል፣ ስለዚህ ላቦራቶሪው እስከ መጨረሻው ድረስ ኖርማል ሊል ይችላል። ውጤቱ ሲበላሽ ያስፈራል፤ ደህና ሲሆን ግን አያረጋጋም። ኢሲጂ ያስፈለገንም ለዚህ ነው።

ከዚያ እናቷን በአክብሮት ትንሽ ውጭ እንዲጠብቁን ጠየቅኳቸው። ለልጅቷ ደግሞ አስቀድሜ ነገርኳት፦ «ሕይወትሽን አደጋ ላይ የሚጥል ካልሆነ በቀር የምትነግሪኝ እዚሁ ይቀራል።» የመጀመሪያው ጥያቄዬ «ለምን አትበዪም?» አልነበረም። «ይርብሻል?» ነው ያልኳት። ዝም ብላ ቆየችና «በጣም» አለች። ይህቺ አንዲት ቃል ጨጓራውን ጥያቄ ውስጥ ከተተችው። የጨጓራ ልጅ ምግብ ያስጠላዋል ወይም ያመዋል፤ እሷ እየራባት ነው የምትተወው።

ሁለተኛው ጥያቄ ስለ ጾም ነው። ዐቢይ ጾምን 55 ቀን ሙሉ ጾማለች። ጾም በሽታ አይደለም፣ ማንም ሐኪም እንደዚያ ብሎ መጻፍ የለበትም። ልዩነቱን የሚያወጣው ጥያቄ «ፋሲካ ጠዋት ምን በላሽ?» የሚለው ነው። ጾም መፍቻ አለው፣ ከቤተሰብ ጋር ይጾማል፣ ከቤተሰብ ጋር ይፈታል፣ የታመመም አይገደድም። እሷ በፋሲካ ዕለት «ሆዴን አመመኝ» ብላ ተኝታ ዋለች። ከዚያ ወዲህ ቁርስ የለም፣ ምሳ ለእህቷ ይሰጣል፣ ማታ ትንሽ ቆጮ ወይም ጎደሬ ትቀምሳለች፣ ቀኑን በጨሞና በቡና ትገፋዋለች። ለምን ስላት «ሳልበላ ስውል ንጹሕ የሆንኩ ይመስለኛል» አለችኝ። ስለ ውፍረት አንድም ነገር አላነሳችም።

ይህ የእሷ ብቻ አይደለም። በ2004 እ.ኤ.አ. በብሪቲሽ ጆርናል ኦፍ ሳይካትሪ የወጣ ጥናት በሰሜን ምሥራቅ ጋና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች መካከል ራሳቸውን በማስራብ ብቻ የከሱ 10 ልጃገረዶችን ገልጿል። እነሱም ምክንያታቸው መወፈርን መፍራት ሳይሆን ሃይማኖትና ራስን መግዛት ነበር። «ወፍራም ነኝ ብለሽ ታስቢያለሽ?» ብለን ብቻ ብንጠይቅ እነዚህ ልጆች ያመልጡናል። በተጨማሪ ማስመለስ፣ ያለ ልክ መሮጥ፣ ማስቀመጫ መድኃኒት መውሰድ እንዳለ እንጠይቃለን። መኖር አስጠልቷት ያውቅ እንደሆነም በግልጽ መጠየቅ አለበት። መጠየቁ ሐሳቡን አይጨምርም።

አሁን ወደ ካርዱ። ከሌላው ሁሉ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ካርድ የምንጽፈው በእንግሊዝኛ ነው፣ ከክፍል ክፍል ይዞት የሚዞረው ግን ብዙ ጊዜ ቤተሰቡ ነው፤ የደረሰው ሁሉ ያነበዋል።

የክሊኒኩ ወረቀት ላይ «አኖሬክሲያ፣ አራት ወር» ተብሎ ተጽፏል። በሐኪም ቋንቋ ይህ የምግብ ፍላጎት መጥፋት ማለት ብቻ ነው። አኖሬክሲያ ነርቮሳ የሚባለው ሕመም ደግሞ ሌላ ነው፣ ስሙ ቢያሳስትም ፍላጎቱ ብዙ ጊዜ አለ። ቀጣዩ ሐኪም ያቺን ቃል ሲያነብ የጨጓራ መድኃኒት ያዛል፤ የሆነውም ይኸው ነው። ስለዚህ ቃሏን ትቼ ያየሁትን ጻፍኩ፦ «እንደሚርባት ትናገራለች፤ ምግብ የምትቀንሰው በራሷ ውሳኔ ነው፤ ከፋሲካ ወዲህ ቁርስና ምሳ አትበላም (እናቷ እንደሚሉት)።» ማን እንዳለው መጻፉ ትንሽ ነገር ይመስላል። ግን እናት ያሉትና ልጅ ያለችው ሲለያዩ ቀጣዩ ሰው ከየት እንደሚጀምር የሚያውቀው በዚህ ነው።

«ዲናይስ» የምትል ቃል በካርዶቻችን ላይ ሞልታለች። ማስመለስ የለም ለማለት ነው የምንጽፋት፣ ስትነበብ ግን «ትክዳለች» ትመስላለች፣ ልጅቷን ውሸታም ታደርጋታለች። «አላስመልስም ብላለች» በቂ ነው። «እልኸኛ»፣ «ትኩረት ፈላጊ»፣ «ቲክቶክ አይታ» የሚሉትም ምርመራ አይደሉም፣ የጸሐፊው ግምት ናቸው። የራሷን ዐረፍተ ነገር ደግሞ ሳልተረጉም በአማርኛ በትእምርተ ጥቅስ አስቀመጥኩት። «ንጹሕ» ያለችውን በእንግሊዝኛ «ውፍረት ትፈራለች» ብዬ ባጠጋጋው ኖሮ ጅማ የሚያያት የአእምሮ ሐኪም ያላለችውን ነገር ይዞ ይጀምር ነበር።

የምርመራው መስመር ላይ «የተጠረጠረ፣ ምግብን የመገደብ ሕመም» አልኩና ለምን እንደጠረጠርኩ፣ ገና ያልተጣራው ምን እንደሆነ (የአክታ ውጤትና የታይሮይድ ምርመራ) ከሥሩ ጻፍኩ። «ክብደት ኖርማል» ብዬ ግን አልጻፍኩም። ይህን ያነበበ ተረኛ ያለ ጥፋቱ ወደ ቤት ይልካታላ! «በስድስት ወር 23 በመቶ ቀንሷል፤ ተኝታ 44፣ ቆማ 86፤ አንድ ጊዜ ወድቃለች» የሚለው ነው አልጋ የሚያሰጣት። ብቻዋን የነገረችኝን ሌላ የግል ነገር በዚያ በሚዞረው ወረቀት ላይ አላሰፈርኩም፤ ለሚረከባት ሐኪም በቃል ነገርኩ።

ስትተኛ እናቷ በማግስቱ ቅቤ የተነከረ ገንፎ ይዘው መጡ። የእናት አንጀት ነው፣ ግን አስቆምነው። ለወራት የተራበ ሰውነት በአንዴ ብዙ ሲገባለት ፎስፌት ከደም ውስጥ በፍጥነት ይወርዳል፣ ልብና አተነፋፈስ ሊያቆም ይችላል፤ አደገኛዎቹ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ናቸው። ቫይታሚን ቢ1 አስቀድመን ሰጥተን፣ ምግቡን ከፋፍለን በየቀኑ ጨመርን፣ ደሟንም ደጋግመን አየን። ፎስፌት መለካት በማይቻልበት ቦታ የእግር ማበጥ፣ የልብ ድንገት መፍጠን፣ የትንፋሽ ማጠር ይጠበቃሉ፤ እንዲህ ዓይነት ልጅ ቶሎ ወደሚለካበት ቦታ ብትሄድ ይሻላል።

ትምህርት ቤቱ የሕክምና ማስረጃ ጠየቀ። የሰጠነው ወረቀት ሁለት መስመር ነው፦ «ተማሪዋ በሕክምና ክትትል ላይ ትገኛለች። እስክናሳውቅ ድረስ ስፖርት እንዳትሠራ፣ ሰልፍ ላይም እንዳትቆም እንጠይቃለን።» የሕመሙ ስም የለበትም።