ሳያዞሩ ማዞር

በኮምፒውተር ስክሪን ላይ ያለን ፎቶ 45 ዲግሪ ማዞር ቀላል ሥራ ይመስላል። የእያንዳንዷን ነጥብ አዲስ ቦታ የሚሰጥ ቀመር አለ፤ ኮምፒውተሩ በቀመሩ መሠረት ነጥቦቹን አንድ በአንድ ካዛወረ ሥራው አለቀ ያሰኛል። እንዲህ የተዞረ ፎቶ ግን በትናንሽ ቀዳዳዎች ተበሳስቶ ይወጣል።

ምክንያቱን ለማየት ሁለት ነጥቦች ይበቃሉ። የምናዞረው በመሃል ነጥቡ (0, 0) ዙሪያ ነው እንበል። ከመሃሉ በስተቀኝ አንድ እርምጃ ርቃ የምትገኘው ፒክሰል (1, 0) 45 ዲግሪ ስትዞር (0.71, 0.71) ላይ ታርፋለች። ሁለት እርምጃ የራቀችው (2, 0) ደግሞ (1.41, 1.41) ላይ ትደርሳለች። ፒክሰል የሚቀመጠው በሙሉ ቁጥር ቦታ ብቻ ስለሆነ ቁጥሮቹ መጠጋጋት አለባቸው፤ ሲጠጋጉ ሁለቱም (1, 1) ላይ ይወድቃሉ። አንዷ ሌላዋን ሸፈነቻት ማለት ነው። የፎቶው ስፋት አልተለወጠምና፣ እዚህ ሁለት ነጥቦች ከተደራረቡ ሌላ ቦታ ላይ የሚሞላው ያጣ ባዶ ነጥብ ይኖራል።

በካናዳ የዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ግራፊክስ ተመራማሪ የነበረው አለን ፔዝ በ1986 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ያሳተመው ዘዴ ይህን ችግር የሚያልፈው ፎቶውን ጨርሶ ባለማዞር ነው። ዘዴው ፎቶውን ሦስት ጊዜ ወደ ጎንና ወደ ላይ ያጋድለዋል፤ ከሦስተኛው በኋላ ፎቶው ዞሮ ይገኛል። ይህ እንዴት ሊሆን እንደሚችል የሚያሳየው በሁለት ረድፍና በሁለት አምድ የተደረደሩ አራት ቁጥሮች ያሉት ማትሪክስ ነው።

ማትሪክሱን ለማንበብ አምዶቹን ማየት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው አምድ (1, 0) የት እንደሚሄድ ይናገራል፣ ሁለተኛው ደግሞ (0, 1) የት እንደሚሄድ። የቀሩት ነጥቦች ሁሉ ከእነዚህ ሁለቱ ስለሚገነቡ እነሱን ተከትለው ይሄዳሉ። መሃሉ (0, 0) ግን በምንም ማትሪክስ ከቦታው አይነቃነቅም። 90 ዲግሪ ማዞር እንዲህ ይጻፋል፦

```
0  -1
1   0
```

በስተቀኝ የነበረው (1, 0) ወደ ላይ (0, 1) ወጣ፤ ወደ ላይ የነበረው (0, 1) ወደ ግራ (-1, 0) ዞረ። በዚሁ መንገድ `2 0 / 0 3` ስፋትን በሁለት፣ ቁመትን በሦስት ያሳድጋል። `1 0 / 0 -1` የላዩን ወደ ታች የሚገለብጥ ነጸብራቅ ነው። ማጋደል ደግሞ `1 k / 0 1` ነው። በጠረጴዛ ላይ የተቆለለን ወረቀት በመዳፍ ወደ ጎን ገፋ ብናደርገው የታችኛው ወረቀት ባለበት ይቀራል፣ የላዮቹም እንደ ከፍታቸው እየራቁ ይንሸራተታሉ። ቁልሉ ያጋድላል እንጂ ከወረቀቶቹ አንዱም አይሰፋም፣ አይጠብም።

ሁለት ለውጦችን ማከታተል ማትሪክሶቹን ማባዛት ነው፤ በስተቀኝ የተጻፈው መጀመሪያ ይፈጸማል። ቅደም ተከተሉ ብዙ ይወስናል። (1, 0)ን በአግድም በሁለት አሳድገን 90 ዲግሪ ብናዞረው (0, 2) ላይ ይደርሳል። መጀመሪያ አዙረነው ቢሆን ኖሮ (0, 1) ላይ ይሆንና አግድሙ ማሳደግ አይነካውም ነበር። ብዜቱ ከመነሻዎቹ የተለየ ዓይነት ለውጥም ሊወልድ ይችላል። በአግድሙ መስመር አንጸባርቀን ቀጥሎ በ45 ዲግሪው ሰያፍ መስመር ብናንጸባርቅ፣ ሁለቱ ነጸብራቆች ተደምረው የ90 ዲግሪ ዙር ይሆናሉ። ዙሩ ሁልጊዜ በሁለቱ መስተዋቶች መካከል ያለው ማዕዘን እጥፍ ነው፤ ቅደም ተከተላቸው ቢቀያየር ወደ ተቃራኒው ይዞራል።

ፔዝ የተጠቀመበት ብዜት ይህ ነው፦

```
1 -1     1  0     1 -1     0 -1
0  1  ·  1  1  ·  0  1  =  1  0
```

በግራ በኩል ያሉት ሦስቱም ማጋደል ናቸው፣ ውጤቱ ግን ቅድም ያየነው የ90 ዲግሪ ዙር ነው። በአንድ ነጥብ እንከተለው። (3, 1)ን እንውሰድ። የመጀመሪያው ማጋደል ከአግድሙ ቁጥር ላይ ከፍታውን ይቀንሳል፣ (2, 1) ይሆናል። ሁለተኛው ከፍታው ላይ አግድሙን ይደምራል፣ (2, 3) ይሆናል። ሦስተኛው እንደ መጀመሪያው ከአግድሙ ከፍታውን ይቀንሳል፣ (-1, 3) ላይ ያርፋል። (3, 1) በቀጥታ 90 ዲግሪ ቢዞርም የሚደርሰው እዚያው ነው።

ለሌላ ማዕዘን θ አንደኛውና ሦስተኛው ማጋደል በ`-tan(θ/2)`፣ መካከለኛው በ`sin θ` ይለካሉ። ለ45 ዲግሪ ልኮቹ -0.414 እና 0.707 ናቸው። አሁን የተደራረቡትን ሁለት ፒክሰሎች እንደገና እንሞክራቸው። ሁለቱም ከፍታቸው ዜሮ ስለሆነ የመጀመሪያው ማጋደል አያነቃንቃቸውም። በሁለተኛው (1, 0) በ0.71፣ (2, 0) በ1.41 ይነሣሉ፤ ሲጠጋጋ ሁለቱም አንድ አንድ እርምጃ ወጥተው (1, 1) እና (2, 1) ላይ ይሆናሉ። ሦስተኛው በ0.41 ወደ ግራ ሊያንሸራትታቸው ይሞክራል፣ ሲጠጋጋ ግን ዜሮ ነው። አልተደራረቡም። እንዲያውም ሊደራረቡ አይችሉም፤ በእያንዳንዱ ማጋደል አንድ ረድፍ ወይም አንድ አምድ ሙሉ በሙሉ በእኩል እርምጃ ስለሚንሸራተት በውስጡ ያሉት ጎረቤቶች ጎረቤት እንደሆኑ ይቀራሉ። ስለዚህ ቀዳዳ የለም። ሦስቱን ማጋደሎች ምልክታቸውን ቀይረን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ብንፈጽማቸው ደግሞ እያንዳንዷ ፒክሰል ወደ ጥንት ቦታዋ ትመለሳለች።

ማጠጋጋቱ ግን ዋጋ ያስከፍላል፤ ቀጥ ያሉ መስመሮች እንደ ደረጃ ይሰባበራሉ። በአንድ ረድፍ ያሉ ፒክሰሎች ሁሉ የሚንሸራተቱት በአንድ ዓይነት ክፍልፋይ ስለሆነ፣ የእያንዳንዷን ቀለም በዚያው ልክ ከጎረቤቷ ጋር ማቀላቀል ደረጃውን ያለሰልሰዋል። ያን ጊዜ ምስሉ በጥቂቱ ይደበዝዛል፣ ፍጹም መመለስም ይቀራል። ትልቅ ማዕዘን ሌላ ችግር አለው። ለ170 ዲግሪ የመጀመሪያው ማጋደል 11.4 ስለሚደርስ በመካከል ያለው ምስል በእጅጉ ይለጠጣል፤ ለ180 ጭራሽ ልክ የለውም። መፍትሔው መጀመሪያ የሁለቱንም ቁጥሮች ምልክት በመቀየር 180 ዲግሪውን በአንዴ መጨረስ፣ ከዚያ በሦስት ማጋደል 10 ዲግሪ ወደ ኋላ መመለስ ነው። ያን ጊዜ ልኩ 0.09 ብቻ ይሆናል።

ማጋደል የማይደርስበትም አለ። ከማትሪክሱ ከላይ ግራና ከታች ቀኝ ያሉትን ቁጥሮች አባዝተን የሌሎቹን ሁለት ብዜት ብንቀንስ ዲተርሚናንት የሚባለውን እናገኛለን፤ ስፋት በስንት እጥፍ እንደተለወጠ የሚነግረን ቁጥር ነው። ለማጋደልም ለማዞርም 1 ነው፣ ለነጸብራቅ -1፣ ከላይ ላየነው ማሳደግ 6። ማትሪክሶች ሲባዙ ዲተርሚናንቶቻቸውም ስለሚባዙ፣ ማጋደልን የቱንም ያህል ብንደራርብ ነጸብራቅም ሆነ ስፋትን የሚያሳድግ ለውጥ አይወጣም። የፕሮግራም ጸሐፊው ሦስቱን ማትሪክሶች አባዝቶ ከ1 የተለየ ዲተርሚናንት ካገኘ አንዱ ማትሪክስ በስህተት ተጽፏል። ዲተርሚናንቱ 1 ሆኖ ሳለ ፎቶው ወደ ተቃራኒ ከዞረ ግን ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ስክሪኑ ነው፤ በስክሪን ላይ ከፍታ የሚቆጠረው ከላይ ወደ ታች ስለሆነ፣ በወረቀት ላይ ወደ ግራ የሚዞረው ማትሪክስ እዚያ እንደ ሰዓት ቆጣሪ ወደ ቀኝ ይዞራል፣ የማዕዘኑንም ምልክት መቀየር ይበቃል።