ዝም ብላ የምታልፍ ተማሪ
የትኩረት ችግር በታዳጊ ሴቶች ላይ እንዴት ይታያል?

አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ እናስብ። አትረብሽም፣ አታረፍድም፣ ታላላቆቿን ታከብራለች። የባዮሎጂ ደብተሯ የመጀመሪያ ገጾች ርዕሳቸው በቀይ እስክሪብቶ የተሰመረ፣ ጽሑፋቸው የሚያምር ነው። ገፋ ሲል ግን ዓረፍተ ነገሩ መሃል ላይ ይቋረጣል፤ ቀኑ ብቻ ተጽፎ ባዶውን የቀረ ገጽም አለ። ሒሳብ ስትፈተን የመጀመሪያዎቹን ጥያቄዎች በትክክል ሠርታ፣ ቆየት ብላ የመቀነስ ምልክት ትዘላለች፤ ከጀርባ ያለውን ገጽ ሳታገላብጥ ታስረክባለች። መምህሯ «ጎበዝ ናት፣ ትንሽ ብትጥር» ይላሉ። እናቷ ግን ልጃቸው እስከ እኩለ ሌሊት ስታጠና እንደምታመሽ ያውቃሉ።

ኤዲኤችዲ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው አንድ ቦታ መቀመጥ የማይችል ወንድ ልጅ ነው። መቅበጥበጥ የሌለበት፣ ትኩረት ማጣቱ ብቻ የሚያይልበት ዓይነትም አለ። ወደ ሐኪም የሚላከው በአብዛኛው ክፍል የሚረብሽ ልጅ ስለሆነ፣ ዝምተኛዋ ትታለፋለች። እሷም ጉድለቷን በጥንቃቄ ትሸፍናለች፦ ቦርሳዋን ደጋግማ ትፈትሻለች፣ ያመለጣትን ከጓደኛዋ ትገለብጣለች። ትምህርቱ ሲከብድ፣ የየትምህርቱ መምህር ሲለያይና የቤት ሥራውን የሚያስታውሳት ሲጠፋ ያ ሁሉ ልፋት አልበቃ ይላል። በዚህ ጊዜ ነው ሰው «ምን ነካት?» የሚለው።

በአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመዘኛ መሠረት፣ ከ17 ዓመት በታች ላለች ልጅ ከዘጠኙ የትኩረት ማጣት ምልክቶች ቢያንስ ስድስቱ ለ6 ወር መታየት አለባቸው። ችግሩ በትምህርት ቤት ብቻ ሳይሆን ቤትም ወይም ሌላ ቦታ መታየት ይኖርበታል። ለእኔ ከሁሉ የሚከብደው ግን የዕድሜው ጥያቄ ነው፤ ከምልክቶቹ አንዳንዶቹ ከ12 ዓመቷ በፊት መኖር አለባቸው። ስለዚህ ወላጅ ወደ ሐኪም ሲሄድ የሦስተኛና የአራተኛ ክፍል ካርዶችን ይዞ ቢሄድ መልካም ነው። ያኔም ሱቅ ተልካ የተላከችበትን ትረሳ ነበር? ሹራቧን በየቦታው ትጥል ነበር?

ልጅነቷ ደህና ሆኖ አምና የጀመራት ከሆነ ሌላ ምክንያት ይፈለግ። እንቅልፍ ማጣት፣ የደም ማነስ፣ የታይሮይድ ችግር፣ ድብርት ወይም የደረሰባት ነገር ሊሆን ይችላል። በሐሳብ የነጎደች ልጅ ትከሻዋን ሲነኳት ትመለሳለች። ለጥቂት ሰከንዶች ፈዝዛ ቀርታ ሲነኳት የማትሰማ፣ ከዚያም ምንም እንዳልተፈጠረ የምትቀጥል ከሆነ ግን የሚጥል በሽታ ዓይነት ሊሆን ስለሚችል ፈጥኖ መመርመር ያስፈልጋል።

ጭንቀትም ያዘናጋል። ብዙ ልጃገረዶች መጀመሪያ የሚነገራቸው «ጭንቀት ነው» ተብሎ ነው፤ ሁለቱ አብረው ሊኖሩም ይችላሉ። ጭንቀቷ ታክሞ ፍርሃቱ ቀለል ሲላት መርሳቱና ጀምሮ መተዉ እንዳለ ከቀጠለ፣ ሐኪሙ ስለ ትኩረቷ እንደገና እንዲያይላት ይጠየቅ።