ጥርት ብሎ ተቀድቶ ነጠላ የሚያዝግ ውሃ

ማለዳ ከጉድጓድ የተቀዳው ውሃ ጥርት ያለና ቀዝቃዛ ነው፤ ለዓይን የሚያስጠረጥር ነገር የለውም። ሳፋው ይሞላል፣ ነጠላው ይነከራል፣ ነጩ እንዲነጣም ትንሽ በረኪና ጠብ ይደረጋል። ከሰዓት በኋላ ከገመዱ ላይ ሲወርድ ግን ብርቱካናማ ነገር አዝሎ ይገኛል፤ አንዳንዱ ቦታ ላይ ዝንጉርጉር፣ እጥፋቱ ላይ ደግሞ ጠቆር ያለ። በሚቀጥለው ሳምንት በረኪናው ይጨመርበትና ይብስበታል። በዚያው ውሃ የተፈላው ሻይ ይጠቁራል። ውሃው ሲጠጣ ደግሞ ምስማር የላሱ ይመስል ብረት ብረት ይላል።

ጥፋቱ የሳሙናው አይደለም፣ የአጣቢዋም አይደለም። ውሃው ውስጥ የሟሟ ብረት አለ።

ብረት በመሬታችን ውስጥ ሞልቷል። የደጋው ቀይ አፈር ቀይ የሆነው በዛገ ብረት ነው፤ ከሥሩ ያለው ጥቁር ድንጋይም ብረትና ማንጋኒዝ አለበት። የዛገ ብረት በውሃ አይሟሟም፤ ለዚህም ነው ዝናብ ቀዩን አፈር ሲያጥብ ውሃው ደፍርሶ የሚወርደው፣ ቢቀመጥ ግን አፈሩ ከታች የሚዘቅጠው። ከመሬት በታች ግን ነገሩ ይለወጣል። ዝናቡ በአፈር ውስጥ ሲሰርግ የያዘውን ኦክስጅን ጥቃቅን ሕዋሳት የበሰበሰ ቅጠልና ሥር ሲበሉ ይጨርሱታል። ኦክስጅን ሲያልቅባቸው ወደ ዛገው ብረት ይዞራሉ፤ ብረቱም በዚያ መሐል ወደሚሟሟ ዓይነት ይለወጣል። የሟሟ ብረት ደግሞ እንደ ሟሟ ጨው አይታይም።

ውሃው ወጥቶ አየር ሲነካው ብረቱ እንደገና ይዝጋል፤ የሚዝገውም ባገኘው ቦታ ነው። ሳፋ ውስጥ ከሆነ የጥጡ ክር ላይ ይዝጋል። በረኪና ይህንን የሚያባብሰው ብረቱን ከአየር በላቀ ፍጥነት ስለሚያዝገው ነው፤ ቀስ ብሎ ሊመጣ የነበረውን ዝገት ወዲያው ልብሱ ላይ ያወርደዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በአንድ ሊትር ውስጥ ከ0.3 ሚሊ ግራም በላይ ብረት ካለ ልብስ ይበከላል። ይህ በጣም ትንሽ ነው፤ አንድ ሺህ ሊትር በሚይዝ ሮቶ ውስጥ ከአንድ ግራም ሲሶ አይሞላም። ለማንጋኒዝ ወሰኑ ከዚያም ያነሰ፣ 0.1 ሚሊ ግራም ነው፤ እድፉም ብርቱካናማ ሳይሆን እንደ ጥላሸት የጠቆረ ነው።

ገንዘብ ከማውጣት በፊት ግን ብረቱ ከየት እንደመጣ መለየት ያስፈልጋል። ሌሊቱን ቆሞ ያደረው ፓምፕ በማለዳ ሲመታ የመጀመሪያዎቹ ጀሪካኖች ቀይ ሆነው ወጥተው ኋላ ከጠራ፣ የተጠረጠረው ቧንቧው ነው። አሲድነት ያለው ውሃ የብረት ቧንቧን ይበላልና፤ እዚህ ላይ መፍትሔው ቧንቧውን በፕላስቲክ መለወጥ ነው። ውሃው ቀኑን ሙሉ ጠርቶ ወጥቶ ሲቀመጥ ከቀላ ግን ብረቱ ከመሬቱ ነው። ይህን በሁለት ጠርሙስ ማየት ይቻላል። ሁለቱም ነጭ ጠርሙሶች በአንድ ጊዜ ይሞላሉ፤ አንዱ አየር እንዳይቀርበት እስከ አፉ ሞልቶ ይከደናል፣ ሌላው ግማሽ ድረስ ሞልቶ በደንብ ይናጥና ክፍቱን ይቀመጣል። በማግስቱ የተከደነው እንደጠራ ሲቆይ የተናጠው ቀልቶ ከሥሩ ቡናማ ነገር ካጠራቀመ፣ ምርመራውም መፍትሔውም አንድ ላይ ታይተዋል ማለት ነው። ዝገቱ በነጠላው ፈንታ ጠርሙሱ ውስጥ ወርዷል።

በጓሮ የሚሠራው ነገር ይኸው በትልቁ ነው። ውሃው ወደ ሮቶው በቀጥታ አይገባም፤ ከሮቶው አፍ በላይ ከግማሽ እስከ አንድ ሜትር ከፍ ብሎ በተሰቀለ፣ ሥሩ በተበሳሳ ባልዲ ወይም ቱቦ በኩል እንደ ሻወር ይዘንባል። ጠብታው ባነሰ ቁጥር አየሩ ይበልጥ ያገኘዋል። በአንድ ሊትር 3 ሚሊ ግራም ብረት ያለበትን ውሃ እንውሰድ፤ ይህ ከወሰኑ አሥር እጥፍ ነው። አንድ ሚሊ ግራም ብረት ለመዛግ 0.14 ሚሊ ግራም ኦክስጅን ይበቃዋልና ለ3ቱ ግማሽ ሚሊ ግራም እንኳን አያስፈልግም። በአዲስ አበባ ከፍታ ላይ፣ አየሩ ሳስቶም ቢሆን፣ አየር የጠገበ ውሃ በሊትር ከ6 ሚሊ ግራም በላይ ኦክስጅን ይይዛል። ስለዚህ አየር አያጥርም።

የሚያጥረው ጊዜ ነው፤ የጊዜው ጌታ ደግሞ የውሃው አሲድነት ነው። ፒኤች የሚባለው መለኪያ በአንድ ቁጥር ከፍ ሲል ብረቱ የሚዝግበት ፍጥነት ወደ መቶ እጥፍ ያድጋል። ከ7 በላይ የሆነ ውሃ ጥቂት ሰዓት ይበቃዋል፤ ወደ 6 የወረደው ግን አንድ ሌሊት አድሮም ላይጨርስ ይችላል። ማዝነቡ እዚህም ይረዳል፤ አሲዱን የሚያመጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከውሃው ያባርራል። ያ ካልበቃ ውሃው በተከሰከሰ የኖራ ድንጋይ ላይ እንዲያልፍ ይደረጋል።

ከዚያ ማሳደር ነው። የዛገው ብረት መጀመሪያ ጭስ የመሰለ ደመና ይሆናል፣ ኋላ እየተያያዘ ይወርዳል። ቧንቧው ከሮቶው ወለል 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ካልተተከለ የወረደው ተመልሶ ሳፋው ውስጥ ይገባል። ከሥሩም ዝቃጭ ማስወጫ ይኑረው፤ በቀን አንድ ሺህ ሊትር የሚያሳልፍ ቤት በወር መቶ ግራም ያህል ንጹህ ብረት ያጠራቅማል፤ እሱ ደግሞ ውሃ አዝሎ እንደ ቀጭን ጭቃ ይበዛል። ደቃቁ አንድ ሌሊት አድሮም ስለማይወርድ ከሮቶው ቀጥሎ በአሸዋ ማጣራት የግድ ነው። አሸዋው ሲደፈን ውሃው ይቀንሳል፤ ያን ጊዜ የላይኛው ንብርብር ተነሥቶ ይታጠባል።

ሁልጊዜ ግን አይሳካም። ከረግረግ አካባቢ የሚመጣ፣ የሻይ ቀለም ያለው ውሃ ብረቱን ከበሰበሰ ቅጠል ጋር አቆራኝቶ ስለሚይዝ ቢዘንብም ቢያድርም አይለቅም። ማንጋኒዝም ከብረት ይበልጥ ግትር ነው፤ ፒኤቹ ከ9 ካላለፈ በአየር ብቻ አይወርድም። ብረቱ ከወጣ በኋላ አሁንም ጥቁር እድፍ የሚታይበት ቤት ችግሩ ይሄ ነው። የሚያወጣው አሸዋው ነው፤ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ሲሠራ ፍሬዎቹ ጥቁር የማንጋኒዝ ልባስ ያበጃሉ፣ ልባሱም አዲሱን ማንጋኒዝ ይይዛል። አሸዋው ጠቆረ ብሎ በአዲስ የሚቀይር ሰው ሥራውን ከዜሮ ይጀምራል። ነገሩ የእድፍ ብቻም አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ለማንጋኒዝ በሊትር 0.08 ሚሊ ግራም የሚል የጤና ወሰን ያወጣው በዱቄት ወተት የሚያድጉ ሕፃናትን አስቦ ነው። እንዲህ ያለ ሕፃን ያለበት ቤት ውሃውን በላቦራቶሪ ማስመርመር አለበት።

ብረቱ መውጣቱ ውሃውን ከጀርም አያጸዳውም። ለመጠጥ ከሆነ ክሎሪን የሚጨመረው ከተጣራ በኋላ ነው፤ ቀድሞ ከተጨመረ ብረቱ ራሱ ይበላውና ለጀርሙ የሚተርፍ አይኖርም።

አስቀድሞ ለቆሸሸው ነጠላ ደግሞ ሎሚና ጨው አለ። እድፉ ላይ ተጨምቆ ለአንድ ሰዓት ያህል ይቆይና ብረት በሌለው ውሃ በደንብ ይታጠባል፤ የሎሚው አሲድ ዝገቱን መልሶ ያሟሟዋል። በረኪና የነካው ልብስ ግን መጀመሪያ በውሃ ተለቅልቆ መጽዳት አለበት፤ በረኪናና ሎሚ ሲገናኙ ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ይወጣል።