የተገመተ ኮንቨርዥን

የተገመተ ኮንቨርዥን በኦንላይን ማስታወቂያ ሪፖርት ውስጥ በቀጥታ ሳይቆጠር በስሌት ተገምቶ የሚገባ ውጤት ነው። በማስታወቂያ ሥራ ኮንቨርዥን የሚባለው፣ ማስታወቂያ ተጭኖ የመጣ ሰው አስተዋዋቂው የሚፈልገውን ድርጊት፣ ለምሳሌ ግዢ ወይም ምዝገባ፣ ሲፈጽም ነው። ግምት ያስፈለገው ክትትልን ያልፈቀደ ሰው የፈጸመው ግዢ ከየትኛው ማስታወቂያ እንደመጣ ማያያዝ ስለማይቻል ነው። በዚህ ምክንያት በሪፖርት ላይ የሚታይ አንድ ቁጥር ከፊሉ የተቆጠረ፣ ከፊሉ የተገመተ ሊሆን ይችላል። ይህን ያልለየ አንባቢ የቆጠራ መጉደልን የሽያጭ መውደቅ አድርጎ ሊወስደው ይችላል።

## ክፍተቱ ከየት መጣ

የማስታወቂያ ቆጠራ ለረጅም ጊዜ የተመሠረተው በኩኪ ላይ ነበር። ኩኪ አንድ ድረ ገጽ በጎብኚው ብራውዘር ውስጥ የሚያስቀምጠው ትንሽ የመረጃ ቁራጭ ነው። ሰውየው ማስታወቂያውን ሲጫን ኩኪ ይቀመጣል፤ ከሦስት ቀን በኋላ ተመልሶ ሲገዛ ያው ኩኪ ይነበባል፤ ግዢውም ለማስታወቂያው ይመዘገባል።

በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2002 ወጥቶ በ2009 የተሻሻለው የኤሌክትሮኒክ ግንኙነት ግላዊነት መመሪያ፣ በተጠቃሚው መሣሪያ ላይ መረጃ ለማስቀመጥም ሆነ ከዚያ ለማንበብ አስቀድሞ ፈቃድ እንዲጠየቅ ያዛል። ከዚህ ነጻ የሚሆኑት ለአገልግሎቱ የግድ የሚያስፈልጉት፣ ለምሳሌ የግዢ ቅርጫትን የሚያስታውሱ ኩኪዎች ናቸው። ከግንቦት 2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው አጠቃላይ የመረጃ ጥበቃ ደንብ ደግሞ ፈቃዱ በነጻነትና በግልጽ ድርጊት የተሰጠ መሆን እንዳለበት ደነገገ። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በጥቅምት 2019 እ.ኤ.አ. «ፕላኔት 49» በተባለው ጉዳይ አስቀድሞ ምልክት የተደረገበት ሳጥን ፈቃድ አይደለም ሲል ወሰነ። በጥር 2022 እ.ኤ.አ. የፈረንሳይ የመረጃ ጥበቃ ባለሥልጣን በጉግል ላይ የ150 ሚሊዮን፣ በፌስቡክ ላይ የ60 ሚሊዮን ዩሮ ቅጣት መጣሉን አስታወቀ። ምክንያቱ ኩኪን አለመቀበል እንደመቀበል ቀላል አለመደረጉ ነበር።

ደንቡ በአውሮፓ ውስጥ ባሉ ድርጅቶች ላይ ብቻ አይወሰንም። ከአዲስ አበባ ሆኖ በጀርመን ለሚኖሩ ሰዎች ቡና የሚያቀርብ ድረ ገጽም በእነዚያ ገዢዎች መረጃ ረገድ ይመለከተዋል።

## የፈቃድ ምልክት እንዴት ይተላለፋል

ጉግል እ.ኤ.አ. በ2020 «ኮንሰንት ሞድ» የተባለውን አሠራር አስተዋወቀ። በዚህ አሠራር ድረ ገጹ የጎብኚውን ውሳኔ ለመቁጠሪያ ኮዱ ይነግረዋል። መነሻው ብዙውን ጊዜ «አልተፈቀደም» ነው፦

```
gtag('consent', 'default', {
  'ad_storage': 'denied',
  'analytics_storage': 'denied',
  'ad_user_data': 'denied',
  'ad_personalization': 'denied'
});
```

ጎብኚው «እቀበላለሁ» የሚለውን ሲጫን `update` የሚለው ትእዛዝ እሴቶቹን ወደ `granted` ይለውጣቸዋል።

አሠራሩ ሁለት ዓይነት ነው። በመሠረታዊው፣ ጎብኚው እስካልፈቀደ ድረስ የመቁጠሪያ ኮዱ አይጫንም፤ ምንም መልእክትም አይላክም። በላቀው ደግሞ ኮዱ ይጫናል፤ ጎብኚው ካልፈቀደ ግን ኩኪ ሳያስቀምጥ አጭር መልእክት ብቻ ይልካል። መልእክቱ ገጹ መከፈቱን ወይም ግዢ መፈጸሙን ይናገራል፤ ማስታወቂያውን የተጫነውና የገዛው አንድ ሰው መሆኑን የሚያሳይ መለያ ግን የለውም። ከፈቃድ በፊት እንዲህ ያለ መልእክት መላክ ከሕጉ ጋር መጣጣሙ በሕግ ባለሙያዎች ዘንድ ያከራክራል።

## ግምቱ እንዴት ይሠራል

መሠረታዊው ሐሳብ ከፈቀዱት ሰዎች ተምሮ ስለ ቀሩት መገመት ነው። ይሁን እንጂ አማካዩን ወስዶ ማብዛት ብቻውን ወደ ስሕተት ይመራል። ይህንን በምሳሌ ማየት ይቻላል።

በጀርመን ያለ አንድ የኦንላይን ሱቅ በወር 5,440 ዩሮ ለማስታወቂያ አውጥቶ 10,000 ክሊክ አገኘ እንበል። ከእነዚህ 6,000ዎቹ ክትትልን ከፈቀዱ ሰዎች፣ 4,000ዎቹ ካልፈቀዱ ሰዎች የመጡ ናቸው። ከፈቀዱት ዘንድ 180 ግዢ ተቆጠረ፤ ይህም 3 በመቶ ነው። ይኸው 3 በመቶ ባልፈቀዱት 4,000 ላይ ቢሰላ 120 ግዢ ይጨመራል፤ ድምሩም 300 ይሆናል።

ነገር ግን በስልክ የሚመጡና በኮምፒውተር የሚመጡ ጎብኚዎች እኩል አይገዙም፤ እኩልም አይፈቅዱም፦

| መሣሪያ | የፈቀዱ ክሊኮች | የተቆጠረ ግዢ | ያልፈቀዱ ክሊኮች | የተገመተ ግዢ |
|---|---|---|---|---|
| ስልክ | 3,500 | 70 (2 በመቶ) | 3,500 | 70 |
| ኮምፒውተር | 2,500 | 110 (4.4 በመቶ) | 500 | 22 |
| ድምር | 6,000 | 180 | 4,000 | 92 |

ያልፈቀዱት አብዛኞቹ በስልክ የመጡ፣ ማለትም እምብዛም የማይገዙት ናቸው። ስለዚህ ግምቱ 120 ሳይሆን 92፣ ድምሩም 272 ይሆናል። እውነተኛው ሞዴል ከመሣሪያ በተጨማሪ አገርን፣ ብራውዘርን፣ ሰዓትንና የመሳሰሉትን ይጠቀማል። በላቀው አሠራር ደግሞ ኩኪ አልባዎቹ መልእክቶች ግምቱን ለማረም ያገለግላሉ፤ ማን እንደገዛ ባይናገሩም ካልፈቀዱት መካከል ስንት ግዢ እንደተፈጸመ ያመለክታሉና።

ጉግል ይህን ግምት የሚሠራው በቂ መረጃ ሲኖር ብቻ ነው። በጉግል አድስ አንድ ድረ ገጽ በአንድ አገር ውስጥ በ7 ቀን ቢያንስ 700 የማስታወቂያ ክሊክ እንዲኖረው ይጠየቃል። ስለዚህ ያው ሱቅ በጀርመን በሳምንት 2,000፣ በኦስትሪያ 300 ክሊክ ቢኖረው፣ የጀርመኑ ቁጥር ግምት ሲታከልበት የኦስትሪያው የተቆጠረውን ብቻ ያሳያል። ሁለቱን አገሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ «ኦስትሪያ አይገዛም» ማለት የተለያዩ መለኪያዎችን ማወዳደር ነው።

## ክፍተትን ማንበብ

ምሳሌው ይቀጥል። በሁለተኛው ወር ሱቁ «አልቀበልም» የሚለውን ቁልፍ «እቀበላለሁ» ከሚለው ጋር እኩል አደረገው። የሚፈቅዱት ከ6,000 ወደ 4,000 ወረዱ፤ 2,400 በስልክ፣ 1,600 በኮምፒውተር። የተቆጠረው ግዢ ከ180 ወደ 118 ወረደ። የተቆጠረውን ብቻ የሚያይ ሰው የአንድ ግዢ የማስታወቂያ ወጪ ከ30 ዩሮ ወደ 46 ዩሮ እንደናረ ያስባል፤ ማስታወቂያውንም ሊያቆመው ይችላል። በሌላ በኩል ካልፈቀዱት 6,000 የሚገመተው ግዢ ወደ 154 ከፍ ይላል፤ ድምሩ እንደገና 272፣ የአንዱ ወጪም 20 ዩሮ ነው።

የትኛው ንባብ እውነት እንደሆነ የሚፈትነው የሱቁ የትእዛዝ መዝገብ ነው። ገንዘብ የተከፈለበት ትእዛዝ ገዢው ክትትልን ፈቀደም አልፈቀደም በመዝገቡ ይሰፍራል። በመጀመሪያው ወር ከሁሉም መንገድ የመጣው ትእዛዝ 430፣ በሁለተኛው 424 ከሆነ ሽያጩ አልወደቀም ማለት ይቻላል፤ የተለወጠው መለኪያው ነው። መዝገቡም 300 ብቻ ቢያሳይ ኖሮ ችግሩ የሽያጭ ይሆን ነበር።

ክፍተት የሚታይበት መልክ ብዙውን ጊዜ ምንጩን ይጠቁማል፦

* በአንድ ቀን በሁሉም ብራውዘር የወረደ ቆጠራ፦ የፈቃድ መጠየቂያው በዚያ ቀን ተለውጦ እንደሆነ ይታያል። የፈቃጆች ድርሻ አብሮ ከወረደ ምክንያቱ ይኸው የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው።
* ትእዛዝ እየገባ ወደ ዜሮ የተጠጋ ቆጠራ፦ ይህ ባብዛኛው የኮድ ብልሽት ነው። ወደ ጉግል በሚላከው መልእክት ውስጥ `gcs` የሚለው እሴት ከፈቃድ በፊት `G100`፣ ሁሉም ከተፈቀደ በኋላ `G111` መሆን አለበት። «እቀበላለሁ» ከተባለ በኋላም `G100` ሆኖ ከቀጠለ የ`update` ትእዛዝ አልደረሰም።
* በሳፋሪ ብቻ የሚታይ ጉድለት፦ የአፕል ብራውዘር በገጹ ኮድ የሚጻፉ ኩኪዎችን ዕድሜ በ7 ቀን ይገድባል። ፈቅዶ ከ10 ቀን በኋላ ሳይመለስ ቆይቶ የመጣ ገዢ እንደ አዲስ ሰው ይቆጠራል። ይህ ከፈቃድ ጋር አይያያዝም።
* ያለፉት ጥቂት ቀናት ዝቅ ማለት፦ በጉግል አድስ ግዢ የሚመዘገበው ክሊኩ በተደረገበት ቀን ነው፤ ግምቱም ዘግይቶ ይታከላል። ስለዚህ ያለፈው ሳምንት ቁጥር ገና ሊያድግ ይችላል።

የተገመተው ድርሻ ሁልጊዜ ለብቻው አይታይም። በጉግል አድስ ከተቆጠረው ጋር በአንድ ዓምድ ይደመራል። በጉግል አናሊቲክስ የሪፖርት መለያ ምርጫውን ከ`Blended` ወደ `Observed` በመቀየር ያለ ግምት ያለውን ቁጥር ማየት ይቻላል፤ ይህ የተቀመጠውን መረጃ አይለውጥም። ወደ ቢግኩዌሪ የሚወጣው ጥሬ መረጃ ደግሞ ግምትን ስለማይዝ ከሪፖርቱ ጋር አለመግጠሙ ብልሽት አይደለም።

## የግምቱ ወሰን

በምሳሌው የተሠራው ስሌት፣ በአንድ ዓይነት መሣሪያ የሚጠቀሙ ሰዎች ፈቀዱም አልፈቀዱም እኩል ይገዛሉ ብሎ ይነሣል። ይህ ላይሆን ይችላል። ያልፈቀዱት በግማሽ ያህል ብቻ የሚገዙ ቢሆኑ፣ የመጀመሪያው ወር ግምት ከ92 ወደ 46 ይወርዳል፤ ድምሩ 226፣ የአንዱ ወጪ 24 ዩሮ ይሆናል። በሁለተኛው ወር ያው ስሕተት 154ን ወደ 77 ያወርዳል፤ ድምሩ 195፣ ወጪው 28 ዩሮ ይሆናል። የተገመተው ድርሻ በጨመረ ቁጥር የአንድ የተሳሳተ መነሻ ዋጋም ይጨምራል።

ስለ ግለሰብም የሚነግረው ነገር የለም። 92ቱ የተገመቱ ግዢዎች የማን እንደሆኑ አይታወቅም፤ በየቀኑና በየቃሉ ተከፋፍለው ሲታዩም ጥቂት ቁጥሮች በዘፈቀደ ከፍ ዝቅ ስለሚሉ አያስተማምኑም። ብዙ ገንዘብ የሚወሰንበት ጥያቄ ሲኖር አንዳንድ አስተዋዋቂዎች ማስታወቂያውን በአንድ አካባቢ ለተወሰኑ ሳምንታት አቁመው፣ በሚመሳሰል ሌላ አካባቢ ይቀጥሉበታል፤ ከዚያም የሁለቱን አካባቢዎች ትእዛዝ ከመዝገባቸው ያወዳድራሉ። ይህ ሙከራ የማንንም ሰው እንቅስቃሴ መከታተል ስለማይጠይቅ የፈቃድ ክፍተት አያዛባውም።