አራተኛዋ ሳተላይት

ከአርባ ምንጭ ወደ ዶርዜ በሚወጣው መንገድ ላይ ስልኩን ከፍቶ የሚጓዝ ሰው «ሳተላይቷ ያለሁበትን ታውቃለች» ብሎ ያስባል። አታውቅም። ስልኩ ወደ ሰማይ የሚልከው ነገር የለም፤ የሚሠራው መስማት ብቻ ነው። 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የምትዞረው የጂፒኤስ ሳተላይት የት እንዳለችና ምልክቱን በስንት ሰዓት እንደላከች ትናገራለች። የሬዲዮ ሞገድ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ ምልክቱ ከደረሰበት ሰዓት ላይ የተላከበት ተቀንሶ ልዩነቱ በዚህ ፍጥነት ሲባዛ ርቀቱ ይገኛል። «ታዲያ ኔትወርክ ሲጠፋ ለምን ይቆማል?» የሚል ይኖራል። የሚጠፋው ካርታው እንጂ ቦታው አይደለም። ካርታውን ከተማ እያለ ያወረደ ሰው ኔትወርክ በሌለበትም ነጥቡን ያያል፤ ስልኩ ግን የሳተላይቶቹን መረጃ በኢንተርኔት ስለማያገኝ ከራሳቸው እስኪሰማ ድረስ ሊዘገይ ይችላል።

ዋናው ችግር ሰዓቱ ነው። ሳተላይቷ አቶሚክ ሰዓት ተሸክማለች፤ ስልኩ ውስጥ ያለው ግን ርካሽ የኳርትዝ ሰዓት ነው። ይህ ሰዓት የአንድ ሺህኛ ሰከንድ ግማሽ ብቻ ቢሳሳት ርቀቱ በ150 ኪሎ ሜትር ይዛባል፤ ከአርባ ምንጭ ሐዋሳ በቀጥታ ሲለካ ያን ያህል ነው። በትምህርት ቤት ሦስት ርቀት ቦታን ለማወቅ ይበቃል ተብለን ተምረናል፤ ሰዓቱ ትክክል ቢሆን ኖሮ እውነት ነበር። ሰዓቱ ሲሳሳት ግን ሦስቱም ርቀቶች እኩል ይረዝማሉ ወይም ያጥራሉ፤ ሆኖም አንድ ቦታ ላይ ሊገናኙ ስለሚችሉ፣ የተገናኙበት ቦታ ሐሰት መሆኑ አይታወቅም። ስህተቱን የምታጋልጠው አራተኛዋ ሳተላይት ናት፤ የእሷ ርቀት ከሦስቱ ጋር አልገጥም ይላል። ስልኩም አራቱ አንድ ነጥብ ላይ እስኪገናኙ ድረስ ሰዓቱን ወደፊት ወይም ወደኋላ የሚያስተካክልበትን መጠን በስሌት ያገኛል። ቦታውን የሚያውቀው ትክክለኛውን ሰዓት ሲያውቅ ነው።

ጨንቻ ላይ የሚነበበው ከፍታ ከአግድሙ ይልቅ የሚዋዥቀውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሳተላይቶቹ ሁሉ ከራስ በላይ ናቸው፤ ከእግር በታች አንድም የለችም። ስለዚህ ርቀቶቹ ሁሉ በትንሹ ሲያጥሩ ሰዓቱ ተሳስቶ ይሁን ሰውየው ከፍ ብሎ፣ ስሌቱ ሁለቱን በደንብ መለየት ያቅተዋል። በዳገቱ መንገድ ላይ ደግሞ በምዕራብ በኩል ተራራው ሰማዩን ይሸፍናል፤ የሚሰሙት ሳተላይቶች በብዛት ወደ አባያ ሐይቅ በኩል ያሉት ይሆናሉ። ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ሲከማቹ ትንሿ የርቀት ስህተት በአስር ሜትሮች ወደሚቆጠር ስህተት ልታድግ ትችላለች። ከገደል ፊት ነጥሮ የሚመጣ ምልክትም መንገዱ ስለረዘመ ርቀቱን ያስረዝማል። ጫሞ ሐይቅ ላይ በጀልባ ላለ ሰው ግን ሰማዩ ከዳር እስከ ዳር ክፍት ነው።

የማሳ ድንበር የሚመዘግቡ ሰዎች ስልኩን አውጥተው የመጀመሪያውን ቁጥር ሲጽፉ መታየታቸው ያሳዝናል። በነጥቡ ዙሪያ ያለው ሰማያዊ ክብ ሰፊ ከሆነ ስልኩ ራሱ ገና እርግጠኛ አልሆነም ማለት ነው። ከዛፉና ከግድግዳው ራቅ ብሎ፣ ክቡ እስኪጠብ ጥቂት ደቂቃ መቆም ያስፈልጋል።