23ቱ ቀናት ከየት መጡ?

የፕሮጀክት አስተዳደር የተማረ ሰው ይህ ጥያቄ ፈተና ላይ ሳይገጥመው አይቀርም። የሥራዎች ዝርዝር ይሰጠዋል፤ እያንዳንዱ ሥራ ስንት ቀን እንደሚፈጅና የትኛው ሲያልቅ እንደሚጀመር ይነገረዋል። ከዚያ «ፕሮጀክቱ በስንት ቀን ያልቃል? ክሪቲካል ፓዙስ የትኛው ነው?» ይባላል። ስሌቱ መደመርና መቀነስ ብቻ ነው። ተፈታኙ የሚሳሳተው መስመሮች በሚገናኙበትና በሚለያዩበት ቦታ ነው።

ዘዴውን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1950ዎቹ መጨረሻ ያወጡት የዱፖንት ኩባንያው ሞርጋን ዎከርና የሬሚንግተን ራንዱ ጄምስ ኬሊ ናቸው። ዱፖንት የኬሚካል ፋብሪካዎች ሲሠራና ለጥገና ሲዘጋ የትኛው ሥራ ቢዘገይ ሁሉንም ይዞ እንደሚዘገይ አስቀድሞ ማወቅ ይፈልግ ነበር።

አንዲት ትንሽ ሱቅ እንሥራ። ቁፋሮ 3 ቀን፣ መሠረት 5 ቀን፣ ግድግዳ 6 ቀን ይፈጃል፤ ሦስቱም ተከታትለው ይሄዳሉ። ከግድግዳው በኋላ ጣሪያ 4 ቀን ይወስዳል። በርና መስኮቱ ገና በመጀመሪያው ቀን ብረታ ብረት ቤት ይታዘዛል፤ ተሠርቶ የሚደርሰው በ12 ቀን ነው። ለመግጠም 2 ቀን ይበቃል፤ ግን ግድግዳውም ማለቅ፣ በሩም መድረስ አለበት። መጨረሻ ላይ ልስን አለ፤ ጣሪያውና ገጠማው ሲያልቁ ይጀመርና 5 ቀን ይፈጃል።

ኔትወርክ ዲያግራም ማለት ይህንኑ መሳል ነው። ለእያንዳንዱ ሥራ አንድ ሣጥን ይሳላል፤ ከቀዳሚው ወደ ተከታዩ ቀስት ይሰመራል። አሁን ከግራ ወደ ቀኝ እየደመርን እንሂድ። ቁፋሮው በ3ኛው፣ መሠረቱ በ8ኛው፣ ግድግዳው በ14ኛው ቀን ያልቃል። ገጠማው ላይ ሁለት ቀስቶች ይገናኛሉ፤ አንዱ 12፣ ሌላው 14 ይዞ ይመጣል። ሁለቱንም መጠበቅ ግድ ስለሆነ ትልቁን እንይዛለን፤ ገጠማው በ14 ተጀምሮ በ16 ያልቃል። ጣሪያው ደግሞ በ18 ያልቃል። ልስኑ እንደገና ትልቁን ይዞ በ18 ይጀምርና በ23 ያበቃል።

ቀጥሎ ከ23 ተነስተን እየቀነስን ወደ ኋላ እንመለስ። ልስኑ ግፋ ቢል በ18 መጀመር አለበት። ስለዚህ ጣሪያው በ14፣ ገጠማው ደግሞ ቢዘገይ በ16 መጀመር አለባቸው። ግድግዳው ለሁለቱም ቀዳሚ ነው፤ በስንት ማለቅ አለበት? እዚህ ላይ የሚያዘው ትንሹ ቁጥር፣ 14 ነው። 16 የጻፈ ተማሪ ለግድግዳው የሌለ የ2 ቀን ትርፍ ይሰጠዋል። ስህተቱ ግን ራሱን ያጋልጣል፤ ትርፍ የሌላቸው ሥራዎች ከመነሻ እስከ መድረሻ ሳይቋረጡ መያያዝ አለባቸውና፣ መሐል ላይ ከተበጠሰ ስሌቱን መልሶ ማየት ነው። የኛ ሰንሰለት ቁፋሮ፣ መሠረት፣ ግድግዳ፣ ጣሪያ፣ ልስን ነው፤ ድምሩም 23።

ከዚህ መንገድ ውጭ ያሉት ሥራዎች ፍሎት የሚባል ትርፍ ቀን አላቸው። ገጠማው 2 ቀን አለው። የበሩ ትእዛዝ በ12 ያልቃል፤ እስከ 16 ግን ሊቆይ ይችላል፤ ስለዚህ 4 ቀን አለው። ብዙዎች ይህን ሲያዩ በዚያ መስመር ላይ በድምሩ የ6 ቀን ትርፍ ያለ ይመስላቸዋል። የለም። ብረታ ብረት ቤቱ 4ቱን ቀን ከተጠቀመባቸው በሩ በ16 ይደርሳል፤ ገጣሚው አንድ ቀን እንኳ የሚያባክነው አይኖረውም። ትርፉ የመስመሩ የጋራ ነው፤ ቀድሞ የደረሰው ይበላዋል። በሩ 6 ቀን ቢዘገይ ደግሞ ልስኑ በ20 ይጀመርና ሱቋ በ25 ታልቃለች፤ ወሳኙ መንገድም በበሩ በኩል ይሆናል።

ፈተና አውጪዎች የሚወዱት ጥያቄ ከዚሁ ይወለዳል፤ «ሠራተኛ ተጨምሮ ጣሪያው ከ4 ቀን ወደ 1 ቢወርድ ስንት ቀን ይተርፋል?» ሦስት የሚል ብዙ ነው፤ መልሱ ግን ሁለት ነው። ጣሪያው በ15 ቢያልቅም ልስኑ ገጠማውን እስከ 16 ይጠብቃል፤ ሱቋ በ21 ታልቃለች። ለሦስተኛው ቀን የተከፈለው የሠራተኛ ዋጋ አንድም ቀን አላተረፈም።

ሥዕሉ የማያሳየው ነገርም አለ። የትኛው ሥራ ከየትኛው እንደሚቀድም ይናገራል እንጂ ማን እንደሚሠራው አይናገርም። ጣሪያውንም ገጠማውንም የሚሠራው አንድ ቡድን ከሆነ ሁለቱ ጎን ለጎን ሊሄዱ አይችሉም። ጣሪያው በ18 ሲያልቅ ገጠማው ይጀመራል፣ በ20 ያልቃል፤ ልስኑም በ25 ይጠናቀቃል። ስለዚህ ጥያቄው ስለ ሠራተኛ ብዛት የሚለው ነገር ካለ፣ ቀስት ከመሳል በፊት ያንን ማንበብ ነው።